የደበዘዘ ፎቶ ላይ ያለ የኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ ጥያቄ፦ ከመሥራታችን በፊት እንዴት እናንብበው?

አንዲት ትንሽ 2 ከ x ራስ ላይ ናት ወይስ ከ ln ራስ ላይ? ጥያቄው ይህን ያህል ጠባብ ነው፤ መልሱ ግን ሙሉ በሙሉ ይለያያል። በኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ አንዷ ምልክት በስህተት ከተነበበች የ u እና የ dv ምርጫ ይቀየራል፣ የዙሩ ብዛት ይቀየራል፣ የመጨረሻው ቁጥርም ይቀየራል። የሚያስቸግረው ደግሞ በስህተት የተነበበውም ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም እንከን መሠራቱ ነው። ስለዚህ ስህተቱን ሥራው ራሱ አይነግረንም። ማንበቡን ከመሥራቱ ለይተን አስቀድመን መጨረስ ያለብን ለዚህ ነው።

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ማታ ማታ የሚላኩልኝ ፎቶዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ዶርም ውስጥ በደካማ መብራት ከጓደኛ ደብተር ላይ በጥድፊያ የተነሱ፣ የስልኩ ጥላ ግማሹን የሸፈነው። ከእነሱ አንዱን ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድበት። መልእክቱ "ጋሼ፣ እባክዎ ይችን ብቻ ይሥሩልኝ፤ መልሷ ከታች አለ፣ እንዴት እንደመጣ ግን አልገባኝም" ይላል።

ፎቶው ላይ በግራ በኩል የጥያቄው ቁጥር "4)" በግልጽ ይታያል። ከዚያ የኢንተግራል ምልክት አለ። ከሥሩ 1 ወይም 7 የምትመስል ጭረት፣ ከላዩ ደግሞ ድፍን ያለች ነጠብጣብ አለች። ቀጥሎ x፣ ከዚያ ln፣ ከዚያ x፣ ከዚያ dx ይመጣል። ከ ln በላይ ግን የታጠፈች ትንሽ ምልክት ተንሳፍፋለች፤ የማን እንደሆነች አይታወቅም። መሐል ያሉት ሁለት መስመሮች በጥላ ጠፍተዋል። ከታች ያለው መልስ ክፍልፋይ ነው፤ ዲኖሚኔተሩ 4 ወይም 9 ይመስላል፣ ኑመሬተሩ ላይ አንዲት የማትለይ ጠመዝማዛ ነገር፣ ከዚያ e ከነፓወሯ፣ ከዚያ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት፣ ከዚያ 1 አለ።

አንደኛ፦ ፎቶው በምን ምክንያት እንደደበዘዘ ለዩ

ይህን ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል፤ እኔ ግን ከሁሉም እርምጃ የበለጠ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። ምክንያቱም ድብዘዛ ሁሉንም ጭረት እኩል አያጠፋም። የትኛው ጭረት እንደሚጠፋ ካወቅን የቀረው ምን ያህል እንደሚታመን እናውቃለን።

የደብተሩን መስመሮች ተመልከቱ። አግድም የተሠመሩት የደብተር መስመሮች ወፍራም ወይም ድርብ ሆነው ከታዩ ስልኩ ሲነሳ ወደ ላይና ወደ ታች ተንቀጥቅጧል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ፎቶ ላይ አግድም ጭረቶች ሁሉ ይሟሟሉ። የመቀነስ ምልክት ትፈዛለች ወይም ተደርባ = ትመስላለች፣ የክፍልፋይ መስመር ይደበዝዛል፣ የ 7 ራስ ይጠፋና 1 ይመስላል። የቆሙት ጭረቶች ግን ጥርት እንዳሉ ይቀራሉ። የኅዳጉ ቋሚ መስመር ድርብ ሆኖ ከታየ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እጅ ወደ ጎን ተንቀሳቅሷል፣ ስለዚህ አግድም ጭረት ይታመናል፣ የቆመችው 1 ግን ልትጠፋ ትችላለች፤ የመደመር ምልክትም ቋሚዋን አጥታ መቀነስ ልትመስል ትችላለች።

አግድሙም ቋሚውም እኩል ከለሰለሰ ችግሩ እንቅስቃሴ ሳይሆን ፎከስ ነው። የፎከስ ድብዘዛ ትንንሽ ቀዳዳዎችን ይደፍናል። e ድፍን ነጠብጣብ ትሆናለች፣ 3 እና 8 ይመሳሰላሉ፣ አናቷ ክፍት የሆነች 4 ተዘግታ 9 ትመስላለች።

በእኛ ፎቶ የደብተሩ አግድም መስመሮች ድርብ ናቸው፤ ኅዳጉ ግን ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ ቋሚ ጭረት ካየን እናምነዋለን፤ አግድም ጭረት አለመታየቱን ግን እንደ ማስረጃ አንቆጥረውም። ይህን ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጻፉት፤ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ፎቶው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ መጠኑ ተቀንሶ ስለሚደርስ ላኪውን እንደ ፋይል በድጋሚ እንዲልክ ጠይቁት፤ ዋናው ስልኩ ላይ እስካለ ድረስ ምንም አያስቸግረውም። ከዚያ ቀለሙን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩ፣ ንጽጽሩን ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ጥላ ያለበትን ቦታ አብሩት። ጠርዝ አጉልቶ የሚያሳይ ማስተካከያ ግን አትጠቀሙ፤ የሌለ ጠርዝ ይፈጥራልና መቀነስ ያልነበረበት ቦታ መቀነስ ታያላችሁ።

ሁለተኛ፦ ያያችሁትን ገልብጡ፣ የገመታችሁትን አትገልብጡ

ጥያቄውን ንጹሕ ወረቀት ላይ ስትገለብጡ እርግጠኛ የሆናችሁበትን ምልክት እንዳለ ጻፉ፤ ያጠራጠራችሁን በሳጥን ክበቡና ከሥሩ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ አስቀምጡ። በእኛ ፎቶ አምስት ሳጥኖች ይኖራሉ፦ የታችኛው ሊሚት (1 ወይም 7)፣ የላይኛው ሊሚት (e፣ 2 ወይም c)፣ ተንሳፋፊዋ ምልክት (የ x ካሬ፣ የ ln ካሬ፣ 3፣ ወይም የቀለም ጠብታ)፣ ዲኖሚኔተሩ (4 ወይም 9)፣ መልሱ ላይ ያለው ምልክት (+ ወይም −)። የ e ፓወርና ከ e በስተግራ ያለችው ጠመዝማዛም ሳጥን ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ እነሱ ግን ፈጽሞ ስለማይነበቡ ባዶ ተዉአቸው። ባዶ ቦታ ከግምት ይሻላል።

ይህን ስታደርጉ የትኛው ለመሥራት እንደሚቀል አታስቡ። ዓይን የለመደውን ነው የሚያየው። ∫ x² ln x dx ደጋግሞ የሠራ ሰው እዚያ ፎቶ ላይ x² ሳይጠራጠር ያያል፤ ያየው ግን የራሱን ደብተር ነው።

ሦስተኛ፦ ከዚያው እጅ ናሙና ፈልጉ

የሰው እጅ ጽሑፍ ራሱን ይደግማል። ስለዚህ የሚያጠራጥረውን ምልክት ከመጽሐፍ ፊደል ጋር ሳይሆን እዚያው ገጽ ላይ እርግጠኛ ከሆናችሁበት ምልክት ጋር አወዳድሩት። ኢንተግራል ያለበት ገጽ ቢያንስ አንድ የተረጋገጠ ናሙና ብዙ ጊዜ ይሰጣል፤ መጨረሻ ላይ ያለው dx። እዚያ ያለችው x ሌላ ነገር ልትሆን አትችልም። ስለዚህ ሌላ ቦታ ያለው x የማባዛት ምልክት ወይም n መሆኑን ከእሷ ጋር እያስተያያችሁ ትለያላችሁ። የጥያቄው ቁጥርና ቀኑም ጥሩ የአኃዝ ናሙናዎች ናቸው።

እኛ ዕድለኞች ነን፤ የጥያቄው ቁጥር 4 ነው። የጸሐፊዋ 4 አናቷ ክፍት ነው፣ አግድሟም ከቋሚው አልፋ ወደ ቀኝ ትወጣለች። አናቷ በድብዘዛ ሊዘጋ ስለሚችል በእሱ ብቻ አትፍረዱ። ወደ ቀኝ የምትወጣዋን ጫፍ ፈልጉ። ፎቶው አግድም ጭረትን ያሟሟል ብለናል፤ የሟሟ ጭረት ግን ጨርሶ አይጠፋም፣ ቋሚው ቀኝ ላይ እንደ ጥላ ይቀራል። "4)" ላይ ያ ጥላ አለ። ዲኖሚኔተሩ ላይ የለም። ሁለቱም በአንድ ፎቶ ላይ በአንድ መንቀጥቀጥ የደበዘዙ ስለሆኑ ንጽጽሩ ፍትሐዊ ነው፤ ወደ 9 ያደላል። ገና አልተወሰነም፣ ግን ያደላል።

የምልክቷ ቦታስ? ተንሳፋፊዋ ምልክት ከ ln በላይ ስለሆነች ብቻ የ ln ናት አይባልም። በፍጥነት የሚጽፍ ሰው ፓወሩን ወደ ቀኝ ያርቀዋል። እዚያው ገጽ ላይ ሌላ ፓወር ካለ፣ ከባለቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ለኩት። በእኛ ገጽ ሌላው ፓወር የ e ሲሆን ከ e ወደ ቀኝ በጣም ርቆ ተቀምጧል፤ አኃዙ ባይነበብም ቦታው ይታያል። ይህች ጸሐፊ ፓወርን የምታርቅ ናት።

አራተኛ፦ እያንዳንዱን ንባብ እስከ መልሱ ውሰዱት

ኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ ለአንባቢ የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። መስመሮቹ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ናቸው። du የ u ዴሪቬቲቭ መሆን አለበት፣ v የ dv ኢንተግራል መሆን አለበት፣ የ v ዲኖሚኔተር ደግሞ እስከ መልሱ ይዘልቃል። ስለዚህ ከላይ የጠፋችውን አንዲት አኃዝ ከታች ያለ ዲኖሚኔተር ሊመልሳት ይችላል። ለጊዜው ሊሚቶቹን 1 እና e ብለን እንያዝና ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ እንሥራቸው፦

```
∫ x² ln x dx    →  (2e³ + 1)/9
∫ x (ln x)² dx  →  (e² − 1)/4
∫ x ln x dx     →  (e² + 1)/4
∫ x³ ln x dx    →  (3e⁴ + 1)/16
```

አሁን ሳጥኖቹ ለየብቻቸው አይደሉም። ዲኖሚኔተሩ 9 ከሆነ ምልክቷ የ x ካሬ ናት፣ መሐል ያለው + ነው፣ ከ e ፊት ደግሞ 2 መኖር አለባት። ዲኖሚኔተሩ 4 ከሆነና መሐል − ካለ ምልክቷ የ ln ካሬ ናት። 4 ሆኖ + ከሆነ ምልክቷ የቀለም ጠብታ ናት። "ዲኖሚኔተር 9፣ ግን ln ካሬ" የሚባል ነገር የለም። አንዱን ሳጥን ለብቻው መፍታት አትሞክሩ፤ ሙሉውን ጥምር ነው የምትመርጡት።

3 ወዲያው ወደቀች፤ ዲኖሚኔተሩ አንድ አኃዝ ብቻ ነው፣ 16 አይገባበትም። ከቀሩት ሦስቱ ለመምረጥ መልሱ ላይ ያለውን ምልክት እንመልከት። ቋሚ ጭረት በግልጽ አለው። ይህ ፎቶ ቋሚ ጭረትን እንደሚያቆይ አስቀድመን ጽፈናል፤ ስለዚህ + ነው፣ ln ካሬ ወደቀች። የቀሩት 2e³ + 1 በ 9 እና e² + 1 በ 4 ናቸው። የሚለያቸው ከ e ፊት አኃዝ መኖር አለመኖሩ ነው። ፎቶው ላይ ከ e በስተግራ አንዲት ጠመዝማዛ ነገር አለች፤ ምን እንደሆነች ባይለይም መኖሯ አያጠራጥርም። ሁለተኛው ንባብ እዚያ ቦታ ላይ ምንም አያስቀምጥም። ከዲኖሚኔተሩ ንጽጽር ጋር ሲደመር ነገሩ አለቀ፦ x² ln x።

ሊሚቶቹን በጊዜያዊነት ነበር የያዝናቸው፤ አሁን ይረጋገጡ። የታችኛዋ ጭረት ራስ አልታየባትም ብለን 1 ናት ማለት አንችልም፤ አግድም የሆነው የ 7 ራስ እዚህ ፎቶ ላይ ሊሟሟ ይችላልና። ነገር ግን 7 ብትሆን መልሱ ውስጥ ln 7 በግድ ይገባ ነበር። ከላይ ያለችው ነጠብጣብ 2 ብትሆን ln 2 ይመጣ ነበር፣ e ደግሞ ከየትም አትመጣም። መልሱ ላይ e አለች፣ ln የለም። ስለዚህ ከ 1 እስከ e ነው። 1 እና e የተመረጡትም ln 1 = 0፣ ln e = 1 ስለሆነ መልሱ እንዲያጥር ነው፤ ይህ ግን ደጋፊ እንጂ ዋና ማስረጃ አይሁን። መምህር ሁልጊዜ ቀላል ሊሚት አይሰጥም።

አምስተኛ፦ መልሱ ራሱ የተሳሳተ ሊሆን እንደሚችል አትርሱ

ከላይ ያለው ሁሉ የቆመው ከታች የተጻፈው መልስ ትክክል ነው ብለን ስለሆነ ገደቡን ማወቅ ያስፈልጋል። ደብተር ላይ ያለ መልስ የመምህሩ ሳይሆን የተማሪው ሥራ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጥያቄ ላይ በጣም የተለመደው ስህተት ሊሚቱን ሲያስገቡ የመቀነስ ምልክቱን መርሳት ነው። −x³/9 ላይ 1 ሲገባ −1/9 ይሆናል፣ የታችኛው ሊሚት ስለሆነ እንደገና ሲቀነስ +1/9 ይሆናል። ይህን የዘነጋ ሰው (2e³ − 1)/9 ይጽፋል።

እንዲህ ያለ ነገር ስታገኙ ምልክቱ ልክ እንዲመጣ ብላችሁ ጥያቄውን ወደ ሌላ ንባብ አትግፉት። መለያው እንዲህ ነው፦ አንዲት ምልክት ብቻ ከጥምሩ ካፈነገጠችና ማፈንገጧ በታወቀ የአሠራር ስህተት ከተብራራ፣ ንባቡ ይጸናል፣ ስህተቱ የሠሪው ነው። ሁለትና ሦስት ምልክት አንድ ላይ ካፈነገጡ ግን ንባባችሁን እንደገና ክፈቱ። ሌላም አለ፤ የደብተሩ ባለቤት ከሰሌዳ ሲገለብጥ ተሳስቶ ከሆነ፣ ሥራው የሚመሰክረው እሱ ላነበበው እንጂ መምህሩ ለጻፈው አይደለም። ይህን ከፎቶው ማወቅ አይቻልም፤ የሌላ ተማሪ ደብተር ማየት ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፦ ንባባችሁን ጽፋችሁ ሥሩ

የመፍትሔው የመጀመሪያ መስመር "ጥያቄውን እንዲህ አንብቤዋለሁ" የሚል ይሁን። ከዚያ ሥራው አጭር ነው፦

```
u = ln x       dv = x² dx
du = dx/x      v = x³/3

= [ (x³/3) ln x ] − (1/3) ∫ x² dx      (1 → e)
= e³/3 − (e³ − 1)/9
= (2e³ + 1)/9  ≈ 4.57
```

x³/3 · ln x − x³/9 ዴሪቬቲቩን ውሰዱና x² ln x መምጣቱን አረጋግጡ፤ ይመጣል። ልብ በሉ፣ ይህ የሚያረጋግጠው ሥራችሁን ነው። ንባባችሁን አያረጋግጥም፤ በስህተት የተነበበ ጥያቄም በትክክል ከተሠራ ይህን ፈተና ያልፋል።

መልስ ከሌለስ?

ብዙ ጊዜ ፎቶው ላይ ያለው ጥያቄው ብቻ ነው። ለምሳሌ x ከዚያ e፣ ከ e ራስ ላይ ደግሞ 2 እና x የተዘበራረቁበት። x e²ˣ ሊሆን ይችላል፣ ፓወሩ x² ሊሆን ይችላል፣ ወይም 2 ብቻ ከላይ ሆና x መሬት ላይ ልትሆን ትችላለች። የመጀመሪያው በባይ ፓርትስ ተሠርቶ e²ˣ(2x − 1)/4 ይሰጣል። ሁለተኛው በሰብስቲቲውሽን በአንድ መስመር ያልቃል፤ የ x² ዴሪቬቲቭ 2x ሲሆን x ከፊት ለፊት ቆማለችና። ሦስተኛው e² ቋሚ ቁጥር ስለሆነ x² ብቻ ይቀራል፣ ምንም ዘዴ አይፈልግም። የወርክሺቱ ርዕስ ባይ ፓርትስ ከሆነ የመጀመሪያው ያመዝናል። ርዕሱ "የኢንተግሬሽን ዘዴዎች" ከሆነ ግን ሁለተኛውም እኩል ይሄዳል፤ ዘዴውን መለየት ራሱ የጥያቄው ዓላማ ሊሆን ይችላልና። ከፊት ያለችው x ጠፍታ በ x² ፓወር የቆመች e ብቻ ከቀረች፣ ያ ኢንተግራል በተለመዱት ፈንክሽኖች የሚጻፍ መልስ የለውም። ሊሚት የሌለው የክፍል ጥያቄ ላይ እንዲህ ያለ ንባብ ሲደርስባችሁ አንድ ምልክት አምልጧችኋል ማለት ይቻላል፤ ወደ ፎቶው ተመለሱ።

ከዚህ በኋላም ሁለት ንባብ ከቀረ ላኪውን ጠይቁ፤ አጠያየቃችሁ ግን በአንድ ቃል የሚመለስ ይሁን። "ፎቶው አይታይም፣ ደግመሽ ላኪ" ካላችሁ በዚያው መብራት የተነሳ ሌላ ድብዝዝ ፎቶ ይመጣላችኋል፤ ደብተሩም እስከዚያ ለባለቤቱ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ብትጽፉ ይሻላል፦ "እህቴ፣ e ላይ ያለው ፓወር ሁለት x ነው ወይስ x ካሬ? ደብተሩ እጅሽ ላይ ከሌለ ከጥያቄው በላይ የተጻፈውን የርዕሱን ስም ብቻ ንገሪኝ።" መልሱ እስኪመጣ ሁለቱንም ሥሩና እያንዳንዱን በየራሱ ንባብ ሥር አስቀምጡ። አንዱን ብቻ ልካችሁ ሌላውን በልባችሁ ከያዛችሁ፣ ተማሪዋ የደረሳትን አሠራር ለፈተና ታጠናዋለች፤ የእርሷ ጥያቄ ይሁን አይሁን የምታውቅበት መንገድ የላትም።